«አሞት ነበር» የሚለው ማስታወሻ አልበቃም፦ ልጄ ከኢንፍሉዌንዛ በኋላ ወደ ክፍል የተመለሰበት መንገድ

ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ረቡዕ ጠዋት በልጄ የመገናኛ ደብተር ላይ የጻፍኩት ማስታወሻ አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ልጄ ሰኞና ማክሰኞ ያልመጣው አሞት ስለነበረ ነው፤ አሁን ተሽሎታል።» ፈርሜበት ደብተሩን ቦርሳው ውስጥ ከተትኩና ልጁን ሰርቪስ ላይ አሳፈርኩት። በዚያች አንድ መስመር ውስጥ ሁለት ጥፋቶች ነበሩ። ልጄ አልተሻለውም ነበር፤ ቢሻለው ኖሮም እንኳ መምህርቱ ከዚያ ጽሑፍ ተነሥተው ሊያደርጉለት የሚችሉት ነገር አልነበረም። ከስድስት ቀን በኋላ የጻፍኩትን ሁለተኛውን ማስታወሻ ከነምክንያቱ እዚህ የማሰፍረው፣ ሌላ ወላጅ በእኔ ረቡዕ ውስጥ እንዳያልፍ ስለምፈልግ ነው።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ሲሆን የ4ኛ ክፍል ተማሪ ነው። እሑድ ኅዳር 1 ቀኑን ሙሉ ሲጫወት ውሎ ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ «እማዬ፣ በረደኝ» ብሎ ጋቢ ውስጥ ገባ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ትኩሳቱ 39.4 ደረሰ፤ ራሱን፣ ወገቡንና እግሩን እንደሚያመው ነገረኝ። ጉንፋን ብዙውን ጊዜ በአፍንጫ ፈሳሽና በጉሮሮ መከርከር ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ ኢንፍሉዌንዛ ግን ሰውን ድንገት ነው የሚጥለው፤ የጀመረበትን ሰዓት ለይቶ መናገር እስኪቻል ድረስ። ያን ማታ ይህን አላወቅሁም። እናቴም «ምች ነው የመታው» ብላ ዳማከሴ ጨመቀችለት። ደግነቱ በቤቱ የነበረውን አስፕሪን ልትሰጠው ስትል ከለከልኳት፤ ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ልጅ አስፕሪን ከወሰደ ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ፣ እምብዛም ባይከሰትም አደገኛ የሆነ ችግር ሊያስከትልበት ስለሚችል ለልጆች አይሰጥም። በምትኩ የሰጠሁት የፓራሲታሞል ሽሮፕ ነው።

ሰኞና ማክሰኞ ተኝቶ ዋለ። ረቡዕ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሽሮፑን ሰጠሁት፤ አንድ ሰዓት ላይ ስለካው 36.9 ሆነ። ፊቱ ፈካ፤ ግማሽ እንጀራ በላ። ሐሙስ የሒሳብ ቴስት እንዳለበት ስለማውቅ ጊዜ አላጠፋሁም። ያየሁት ቁጥር የመድኃኒቱ ቁጥር እንጂ የልጄ አለመሆኑን አላሰብኩም። ፓራሲታሞል ትኩሳትን የሚያወርደው ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት የተሰጠ ሽሮፕ ልጁን ጤነኛ አስመስሎ ሰርቪስ ላይ ያወጣውና አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ይለቀዋል።

ልክ እንደዚያው ሆነ። አምስት ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤቱ ተደወለልኝ፤ ትኩሳቱ 38.8 ነበር። ስደርስ ልጄ በቢሮው ወንበር ላይ ሹራቡን ራሱ ላይ ጥሎ ተጠቅልሎ ነበር። ከትኩሳቱ ይልቅ ልቤን የነካው የክፍል ኃላፊዋ መምህርት የነገሩኝ ነው። ልጁ ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ጀምሮ ዴስኩ ላይ ተደፍቶ እንደነበር፣ እርሳቸው ግን ማስታወሻዬ «ተሽሎታል» ስለሚል እንቅልፍ ያልጠገበ መስሏቸው ሁለት ጊዜ ቀና እንዲል እንዳዘዙት፣ በጣም እያዘኑ ነገሩኝ። «እርስዎ ተሽሎታል ካሉኝ እኔ ሌላ ነገር አልጠረጥርም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሃምሳ ልጅ ያለበትን ክፍል የሚመራ ሰው የሚመረኮዘው ወላጅ በጻፈው ላይ ነው።

በማግስቱ ወደ ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሙ ደረቱን አዳምጠው፣ የአተነፋፈሱን ፍጥነት ቆጥረው፣ ከአፍንጫው ናሙና ወስደው ኢንፍሉዌንዛ ቢ መሆኑን ነገሩኝ። ለቫይረሱ የሚሰጠው መድኃኒት ይበልጥ የሚጠቅመው ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ መሆኑን፣ ልጄ ደግሞ አስም ወይም ሌላ ሥር የሰደደ ሕመም እንደሌለበትና አተነፋፈሱም ደህና መሆኑን ገልጸው፣ ፈሳሽ፣ ዕረፍትና እንደ ክብደቱ የተመጠነ ፓራሲታሞል እንደሚበቃው አስረዱኝ። አንቲባዮቲክ እንዲያዙልኝ ስለምናቸው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በመሆኑ አንቲባዮቲክ እንደማይነካው በትዕግሥት ነገሩኝ። እኔ ግን ከክሊኒኩ በፊት በሰፈራችን መድኃኒት ቤት በኩል ሳልፍ አሞክሳሲሊን ልገዛለት ጥቂት ነበር የቀረኝ።

የዚያን ቀን ከሐኪሙ ያገኘሁት ትልቁ ነገር አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ትኩሳቱ ያለ ምንም ማብረጃ 24 ሰዓት ሙሉ ካልጠፋ ትምህርት ቤት አይሂድ።» ክብደቱ ያረፈው «ያለ ምንም ማብረጃ» በሚለው ላይ ነው። ሕመሙ ከመጀመሩ ከአንድ ቀን በፊት አንሥቶ እስከ አምስትና ሰባት ቀን፣ በልጆች ላይ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ወደ ሌላ ሰው እንደሚተላለፍም ነገሩኝ። ይህን ስሰማ ረቡዕ ሰርቪሱ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጡትን ልጆች አሰብኩ። አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጠው ጓደኛው ዓርብ ዕለት በትኩሳት ቀረ። ከልጄ ይያዘው ከሌላ ማወቅ አይቻልም፤ እኔ ግን ለእናቱ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ የሐኪሙንም ምክር ነገርኳት።

ወደ ቤት እንደተመለስን ከደብተር አንድ ገጽ ቀድጄ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩ። ሦስት ዓምድ ብቻ ነበረው፦ ሰዓት፣ ሙቀት፣ ሽሮፕ የተሰጠበት ሰዓት። እናንተም ይህን እንድታደርጉ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ሁለት ሰው ሳይነጋገር መድኃኒት እንዳይደግም ይከላከላል፤ ከዚያም በላይ ለመምህር የምትጽፉትን ቀን ከትዝታ ሳይሆን ከወረቀት ታወጡታላችሁ። በእኔ ገጽ ላይ የመጨረሻው ሽሮፕ ቅዳሜ ኅዳር 7 ቀን ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ያለው ዓምድ ባዶ ነው፤ ሙቀቱም ከ37.2 አላለፈም።

እሑድ ጠዋት ሁሉም ነገር አለቀ ብዬ ደስ ሲለኝ ልጄ ከአልጋው ወርዶ መራመድ አቃተው። ተረከዙን መሬት ማስነካት ስላልቻለ በጣቶቹ ጫፍ ቆሞ ግድግዳውን በሁለት እጁ እየተደገፈ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ አየሁት፤ ባቱን ስነካው ጮኸ። ወዲያው ተመልሰን ወደ ክሊኒኩ ሄድን። ሐኪሙ እግሩን መርምረው፣ ደምና ሽንት አሠርተው፣ ይህ በተለይ በኢንፍሉዌንዛ ቢ ጊዜ በልጆች ላይ ትኩሳቱ ሲበርድ የሚታይ የባት ጡንቻ መቆጣት መሆኑን፣ ባብዛኛውም በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ እንደሚጠፋ ነገሩኝ። ብዙ እንዲጠጣና እንዳይሮጥ፣ ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረ ግን ሌሊትም ቢሆን እንዳመጣው አዘዙኝ፤ የተጎዳ ጡንቻ ወደ ደም የሚለቀው ነገር ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላልና። ልጄ ማክሰኞ ቀጥ ብሎ መሄድ ቻለ። ይህን በዝርዝር የምጽፈው ብዙ ወላጅ ስለ ትኩሳትና ስለ ሳል ሲያውቅ ስለዚህኛው ስለማይሰማ፣ መምህርም «ትኩሳቱ ጠፋ» የተባለ ልጅ በስፖርት ክፍለ ጊዜ አልሮጥም ሲል ሰነፈ ብሎ ሊያስብ ስለሚችል ነው።

ሰኞ ኅዳር 9 ከትኩሳት ነፃ ከሆነ አንድ ቀን አልፎት ስለነበር፣ እግሩን ብንተወው፣ በሐኪሙ መለኪያ ወደ ትምህርት ቤት ሊሄድ ይችል ነበር። እኔ ግን ከረቡዕ ስለተማርኩ በቤት ውስጥ ልፈትነው ወሰንኩ። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው፤ በጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ የአማርኛ ንባብ ሰጠሁትና ሰዓት ያዝኩ። በ25ኛው ደቂቃ ራሱን ክንዱ ላይ ጣለ። ማክሰኞ ሁለት ክፍለ ጊዜ ያህል በመካከሉ አርፎ ተቀመጠ፤ ከሰዓት በኋላ ግን ሳይታወቀው ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ኢንፍሉዌንዛ ትኩሳቱ ከሄደ በኋላ ሳሉና ድካሙ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሊቆዩ ይችላሉ። የልጄ ጉልበት በጠዋት እንዳለ፣ ከምሳ በኋላ እንደሚያልቅ ያወቅሁት በዚህ ፈተና ነው፤ ለመምህርቱ የምጽፈውም ይህንኑ መሆን እንዳለበት ገባኝ።

ማክሰኞ ማታ ለመጻፍ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት ሁለት ገጽ ሞላ፤ የእናቴ ዳማከሴ፣ የሁለቱ ክሊኒክ ጉዞ፣ ሌሊት የቃዠው ሁሉ ገብቶበት ነበር። ሳነበው መምህርቱ በክፍል ውስጥ የሚያስፈልጋቸውን ለማግኘት መፈለግ እንዳለባቸው ታየኝና ቀደድኩት። በሁለተኛው ላይ ራሴን የጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ መምህርቱ ነገ በየሰዓቱ ምን ያያሉ፣ ያን ሲያዩስ ምን ያድርጉ? የወጣው ይህ ነው።

> ለ4ኛ ክፍል «ለ» የክፍል ኃላፊ መምህርት
>
> ቀን፦ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.
>
> ክብርት መምህርት፣
>
> ልጄ ኅዳር 2 እና 3፣ ከኅዳር 5 እስከ 10 ባሉት የትምህርት ቀናትም ከክፍል የቀረው፣ ኅዳር 4 ቀንም ከእኩለ ቀን በፊት ወደ ቤት የተመለሰው በኢንፍሉዌንዛ ታሞ ነው። የክሊኒኩ ማስረጃ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ኅዳር 4 ቀን «ተሽሎታል» ብዬ የላክሁት ትኩሳቱ በመድኃኒት በርዶለት ሳለ ስለነበረ ለተፈጠረው ችግር ይቅርታ እጠይቃለሁ።
>
> የመጨረሻውን የትኩሳት ማብረጃ የወሰደው ቅዳሜ ኅዳር 7 ማታ ሲሆን ከዚያ ወዲህ ትኩሳት የለውም። ሐኪሙም ወደ ክፍል ቢመለስ ሌሎችን ያስይዛል የሚል ሥጋት እንደሌላቸው ገልጸዋል። ሳሉ ግን ለተወሰኑ ቀናት ይቀጥላል።
>
> ነገ ረቡዕና ዓርብ እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ እንዲማር፣ 6 ሰዓት ላይም እኔ ራሴ መጥቼ እንድወስደው ፈቃድዎን እጠይቃለሁ። ሐሙስ ኅዳር 12 በሰፈራችን ቆሻሻ ስለሚቃጠልና ጭሱ ሳሉን ስለሚያባብሰው ቤት ይውላል። ደህና ከሆነ ከሰኞ ኅዳር 14 ጀምሮ ሙሉ ቀን ይማራል። ባቱን አሞት ስለነበር እስከ ኅዳር 22 ድረስ ስፖርት እንዳይሠራ፣ በእረፍትም እንዳይሮጥ ሐኪሙ አዘዋል፤ በሰልፍ ላይ መቆም ካቃተው እንዲቀመጥ ቢፈቀድለት።
>
> ኮዳውን ዴስኩ ላይ አስቀምጦ በፈለገ ጊዜ እንዲጠጣ፣ ሲያስለው ሳይጠይቅ ወጥቶ እንዲመለስ፣ ከተቻለም በመስኮት አጠገብ እንዲቀመጥ እለምናለሁ። በሌላው ሁሉ እንደማንኛውም ተማሪ ይጠየቅ፤ ጥያቄ ይመልስ፤ ይጻፍ።
>
> ራሱን ዴስክ ላይ ከደፋ ደክሞት ነውና አሥር ደቂቃ ያሳርፉት፤ ከዚያ ካልተነሣ ይደውሉልኝ። እንደገና ካተኮሰው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ደረቱን ካመመው ወይም መራመድ ካቃተው ግን ሳይጠብቁ ወዲያው ይደውሉልኝ፤ በ20 ደቂቃ ውስጥ እደርሳለሁ።
>
> ካመለጠው ትምህርት የትኛውን አስቀድሞ ቢያጠና እንደሚሻል ቢጠቁሙኝ፣ የሒሳብ ቴስቱንም በሚቀጥለው ሳምንት በጠዋት ክፍለ ጊዜ እንዲወስድ ቢደረግ ደስ ይለኛል።
>
> ከአክብሮት ጋር
> የተማሪው እናት

ከላኩት በኋላ አንድ ስሕተት አገኘሁበት። ከሰኞ ኅዳር 16 ማለት ሲገባኝ «ሰኞ ኅዳር 14» ብዬ ነበር፤ ኅዳር 14 ቅዳሜ ነው። መምህርቱ በቀይ እስክሪብቶ አስተካክለው «16 ለማለት ነው?» ብለው መለሱልኝ። እናንተ ስትጽፉ ቀኑን ከነዕለቱ ጻፉና ካላንደር ላይ አመሳክሩት፤ የሰርቪሱ ረዳት፣ የስፖርት መምህሩና ዘበኛው ሁሉም በዚያ ቀን ነው የሚሠሩት።

አንዳንዱን መስመር ለምን እንዳስገባሁት ልናገር። «እንደማንኛውም ተማሪ ይጠየቅ» ያልኩት፣ መምህር አንድ ልጅ ታሟል ከተባለ በርኅራኄ ብዙ ነገር ስለሚተውለት፣ ልጁም ከሕመሙ በኋላ እንደገና የክፍሉ አካል መሆኑን የሚያውቀው ሲጠየቅ ስለሆነ ነው። አደገኛ ምልክቶቹን በአንድ ዓረፍተ ነገር የወሰንኩት ረጅም ዝርዝር በሥራ መካከል ያለ ሰው ስለማያስታውስ ነው። ከእነዚያ ውስጥ ትልቁ «እንደገና ካተኮሰው» የሚለው ነው፤ ትኩሳት ጠፍቶ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ከባሰ ሳል ጋር ከተመለሰ በቫይረሱ ላይ የሳምባ ምች ተደርቦ ሊሆን ስለሚችል ቤት ውስጥ ጠብቀን የምናየው አይደለም። ፈሳሽ የማይጠጣ፣ ስምንት ሰዓት ያህል ሽንት ያልሸና ወይም ለመንቃት የሚከብደው ልጅም እንዲሁ በቀጥታ ወደ ሐኪም ነው የሚወሰደው።

ኅዳር 12ን ያስገባሁት ደግሞ ሳሉ በጭስ እንደሚነሣ በቤታችን ስላየሁ ነው። የዚህ ቀን ነገር ሳስበው ይገርመኛል። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው፣ አባቶቻችን «የኅዳር በሽታ» ያሉት ወረርሽኝ ይኸው ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ ኅዳር ሲታጠን የምንለውም ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። ያንኑ በሽታ ለማባረር የሚወጣው ጭስ ከበሽታው ለሚያገግም ልጅ ሳንባ እንዳይደርስ መስኮት ዘግቼ ዋልኩ።

ረቡዕ በሰላም አለፈ። 6 ሰዓት ላይ ስወስደው ደክሞት ነበር፤ ፊቱ ግን የታመመ ልጅ ፊት አልነበረም። ዓርብም እንደዚያው። ሰኞ ኅዳር 16 ሙሉ ቀን ዋለ፤ በምሳ እረፍት ግን ኳስ ሲያይ ሁሉንም ረስቶ ሮጠ። ከሰርቪስ ሲወርድ እግሩን እየጎተተ ነበር፤ ልብሱን ሳይቀይር ተኝቶ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት አልነቃም። ትኩሳት አልነበረውም፤ ሽንቱም ንጹሕ ነበር። ማታ ለመምህርቱ ደውዬ ማክሰኞን ወደ ግማሽ ቀን እንድንመልሰው ጠየቅኋቸው፤ ያለ ክርክር ተስማሙ። እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ ያፍራል፤ ሙሉ ቀን ብሎ ጽፎ ወደ ኋላ መመለስ ቃል ማጠፍ ይመስለዋል። አንድ ደረጃ ወደ ኋላ መመለስ ግን የማገገሙ አካል ነው። ከረቡዕ ኅዳር 18 ጀምሮ ሙሉ ቀን ያለ ችግር ዋለ።

ያመለጠውን ትምህርት በተመለከተ መምህርቱ የሰጡኝ መልስ ከጠበቅሁት ያነሰና የተሻለ ነበር። የሁሉንም ትምህርት ኖት እንዲገለብጥ አላዘዙትም፤ ከሒሳብ የክፍልፋይ መደመርን ብቻ አስቀድሞ እንዲያጠና፣ የቀረውን ኖት በቴሌግራም ፎቶ ልከውልኝ እንዲያነበው ብቻ አደረጉ። እኔ እኮ የስድስት ቀን ኖት ሌሊት ላስገለብጠው ተዘጋጅቼ ነበር። ቴስቱን ሐሙስ ኅዳር 19 በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ወሰደ፤ ከ20 ያገኘው 16 ነው።

ሰኞ ኅዳር 23 ጠዋት የስፖርት ቱታውን ለብሶ ሄደ። ማታ የመገናኛ ደብተሩን ስከፍት መምህርቱ ከማስታወሻዬ ግርጌ እንዲህ ጽፈው አገኘሁ፦ «ዛሬ ሁለት ዙር ሮጦ በራሱ ፈቃድ ተቀመጠ፤ ባቱን ጠየቅሁት፣ አያመኝም ብሏል። ማስታወሻዎን ለስፖርት መምህሩም አሳይቻቸዋለሁ።»